ከዜሮ የማይነሳው ባር እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

«የአራት ክፍሎችን አማካይ ውጤት በባር ቻርት ሠርቼ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠሁት። አይቶ ‹9ኛ ሐ ምን ነካው?› ብሎ ደነገጠ። ቁጥሮቹ እኮ 70፣ 72፣ 74 እና 76 ናቸው!» መምህርት፣ ከአራት ኪሎ

የላክሽውን ቻርት አየሁት። በግራ በኩል ያሉት ቁጥሮች ከ66 ነው የሚጀምሩት። ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ሰው ባር ሲያይ የሚያወዳድረው ርዝመት ነው። ከ66 ሲቆጠር ባለ 70ው ባር 4 ብቻ ይረዝማል፣ ባለ 76ቱ ግን 10፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል የሌላውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያመጣ መሰለ። እውነተኛው ልዩነት ግን 9 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህን የሠራው ኤክሴል ራሱ ነው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ አንድ ስድስተኛ በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዜሮን ይተውና ወደ ላይ ገፍቶ ይጀምራል። በግራ ያሉትን ቁጥሮች በቀኝ ክሊክ ነክተሽ `Format Axis` ውስጥ ግቢ፣ `Minimum` የሚለው ላይ 0 ጻፊ። ቀድሞውኑ 0 የሚል ቢሆንም በእጅሽ ጻፊው። አለበለዚያ በሚቀጥለው ሴሚስተር ውጤቱን ስትቀይሪ ተመልሶ ይነሳብሻል።

«እንደዚያማ ካደረግሁ ባሮቹ ሁሉ እኩል ይመስላሉ» ትይኝ ይሆናል። እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውማ! ቁጥሩን ከየባሩ ጫፍ ላይ ጻፊና በቃ። የግድ ልዩነቱ ይታይልኝ ካልሽ ግን ውጤቱን ሳይሆን ልዩነቱን ራሱን ሣዪ። ክፍሎቹ በተማሪ ብዛት ከተቀራረቡ የአራቱ አማካይ 73 ነው፤ ስለዚህ ባሮቹ −3፣ −1፣ +1 እና +3 ይሆናሉ። አሁን ዜሮው የትምህርት ቤቱ አማካይ ነው፣ ባሩም አይዋሽም። ርዕሱ ላይ «ከአማካዩ (73) ያለው ልዩነት፣ በነጥብ» ብለሽ መጻፍ እንዳትረሺ፤ ያንን ካልጻፍሽ 9ኛ ሐ ከዜሮ በታች አመጣ ተብሎ ሌላ ድንጋጤ ይመጣል።

«የሥራ ክፍሎቻችን ስም ረጃጅም ነው፤ ‹የሰው ሀብት ልማትና አስተዳደር ዳይሬክቶሬት› ዓይነት። ከባሩ ሥር ተንጋደው ይወጣሉ፣ ለማንበብ አንገት ያስጣምማሉ። ላሳጥራቸው?» ከካዛንቺስ

ስሙን ተወውና ባሩን አስተኛው። `Change Chart Type` ገብተህ `Clustered Bar` ምረጥ። ስሞቹ በግራ በኩል ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አለ፤ በሠንጠረዥህ ላይ የመጀመሪያ የነበረው ቻርቱ ላይ ታች ይወርዳል። ስሞቹን በቀኝ ክሊክ ነክተህ `Format Axis` ውስጥ `Categories in reverse order` የሚለውን ስታደርግ ይስተካከላል። ያኔ ቁጥሮቹ ወደ ላይ ይዘላሉ፤ እዚያው `At maximum category` ብትል ይወርዳሉ። መሥሪያ ቤቱ የታወቀ ቅደም ተከተል ከሌለው ደግሞ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራቸው።

«የዓመቱን የባለጉዳይ ብዛት በየወሩ ሠራሁ። ጳጉሜን መሬት ላይ ቀረች፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው። ላውጣት?» የዕቅድ ባለሙያ፣ ከፒያሳ

ማውጣትዎስ ይቅር፤ ድምሩ ይጎድልብዎታል። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ ስለሚጀምር ጳጉሜን ሦስተኛዋ ባር ናት፣ ስለዚህ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ጉድጓድ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከነሐሴ ጋር ይደምራታል፤ ያኔ ደግሞ ነሐሴ ያለ ሥራዋ ትገንናለች። እኔ የምመርጠው በሥራ ቀን ማካፈል ነው። ለምሳሌ ነሐሴ በ22 የሥራ ቀን 660 ሰው፣ ጳጉሜን በ4 የሥራ ቀን 120 ሰው ካስተናገዳችሁ ሁለቱም በቀን 30 ናቸው። ጉድጓዱ ጠፋ፣ የቀነሰ ሥራም አልነበረም። የግራው ዘንግ ላይ «በአንድ የሥራ ቀን የተስተናገደ ባለጉዳይ» ብለው ይጻፉ። ጠቅላላ ድምሩን ከቻርቱ ሥር በአንድ መስመር ያኑሩት፤ ኦዲተር ቢጠይቅ እንዲያገኘው።

«ወንድ በሰማያዊ፣ ሴት በቀይ አድርጌ ሠራሁ። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ።» የኮሌጅ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

ቀለሙ ሳይሆን ድምቀቱ ነው የሚለያቸው። አንዱን ጠቆር ያለ፣ ሌላውን ፈዘዝ ያለ አድርገው፤ ጥቁር ሰማያዊና ፈዛዛ ቢጫ ጥሩ ነው። 60 ገጽ ከማባዛትህ በፊት አንዷን ገጽ በጥቁርና ነጭ አሳትመህ እይ።