ካዝና ውስጥ ስንት ብር ይደር? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች መነሻቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው። ለወጪ የምንፈልገውን ገንዘብ ወለድ ከሚያገኝበት ቦታ ስንት ስንት እያደረግን እናውጣው? የመለስኩት ለተወሰኑት ነው።

«ማተሚያ ቤት አለን። ለወረቀት፣ ለቀለምና ለደመወዝ በዓመት 4,500,000 ብር ገደማ በቼክ እንከፍላለን። ገንዘቡ ያለው 7% በሚታሰብበት የቁጠባ ሂሳብ ነው። በየሦስት ወሩ ወደ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ እናዛውራለን፤ ለዚህም ሁለት ፈራሚዎች ባንክ መሄድ አለብን። የሂሳብ ሠራተኛችን ደግሞ በየሳምንቱ ይሁን ትላለች። ማን ልክ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ሁለታችሁም አይደላችሁም። የሚገርመው፣ ስህተታችሁ በዋጋ ሲተመን እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።

መጀመሪያ የእናንተን እንይ። በየሦስት ወሩ 1,125,000 ብር ታዛውራላችሁ። ገንዘቡ ቀስ በቀስ እየተከፈለ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በአማካይ ግማሹ፣ ማለትም 562,500 ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ወለድ ተኝቷል። በ7% ሲታሰብ ያመለጣችሁ ወለድ 39,375 ብር ነው። አንዱን ማዛወር ደግሞ የታክሲውን፣ የሁለቱን ሰዎች የባከነ ሰዓትና የባንኩን ክፍያ ደምሬ 700 ብር ብዬዋለሁ። አራት ጊዜ ሲሆን 2,800 ብር። ድምሩ 42,175 ብር ይመጣል።

በሠራተኛዋ ሐሳብ ብትሄዱ ያመለጠው ወለድ ወደ 3,000 ብር ብቻ ይወርዳል። ግን 52 ጊዜ መመላለሱ 36,400 ብር ይፈጃል። ድምሩ 39,400 ብር ገደማ ነው። ወለዱን አተረፍን ስትሉ ታክሲው በላው ማለት ነው።

ትክክለኛው ቦታ መሃል ላይ ነው። እሱን የሚያገኘው ቀመር ይኸው፦

```
C = √(2 × b × T / i)
```

C በአንድ ጊዜ የሚዛወረው ገንዘብ ነው። b የአንዱ ማዛወር ወጪ፣ T የዓመቱ ጠቅላላ ክፍያ፣ i ደግሞ የዓመቱ ወለድ ነው። የእናንተን ቁጥሮች ሳስገባ 300,000 ብር ይወጣል፤ በዓመት 15 ጊዜ ማለት ነው። የመመላለሻው ወጪ 10,500 ብር፣ ያመለጠው ወለድም 10,500 ብር ይሆናል። ሁለቱ እኩል የመጡት በአጋጣሚ አይደለም። ሁልጊዜ ምርጡ ላይ ሲደረስ እኩል ይሆናሉ። ይህ ለቁጥጥርም ይመቻል፦ የዓመቱን ሁለት ወጪዎች ጎን ለጎን ጻፉ። ያመለጠው ወለድ ከበለጠ ገንዘብ እያስተኛችሁ ነው፤ መመላለሻው ከበለጠ በከንቱ እየተንከራተታችሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን በየ24 ቀኑ ባንክ የሚሄድ ድርጅት አይቼ አላውቅም። በየወሩ ከደመወዝ ጋር አያይዛችሁ አዛውሩት። ጠቅላላ ወጪው 21,525 ብር ይሆናል። ከምርጡ የሚበልጠው በ525 ብር ብቻ ነው። ለዚያች ብላችሁ ቀን መቁጠር ውስጥ አትግቡ።

«ሒሳቡን ልሠራ ስል የአንድ የባንክ ጉዞ ዋጋ ስንት እንደሆነ መወሰን አቃተኝ። የሰዓቴን ዋጋ በምን ልተምነው?» (ከሐዋሳ)

ብዙ አይጨነቁ። ቀመሩ ውስጥ ስኩዌር ሩት ስላለ ስህተትን ይቅር ይላል። የጉዞውን ዋጋ በአራት እጥፍ ቢያጋንኑት እንኳ የሚያወጡት ገንዘብ የሚሳሳተው በሁለት እጥፍ ነው። ያ ደግሞ ጠቅላላ ወጪውን ከምርጡ በ25% ብቻ ከፍ ያደርገዋል። ሰዓትዎን በግምት ያስገቡ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ካልነበረዎት ደግሞ በትንሹ ያስቡት።

እንዳይሳሳቱ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። b ውስጥ መግባት ያለበት በእያንዳንዱ ጉዞ የሚደገም፣ የገንዘቡ መጠን የማይቀይረው ወጪ ብቻ ነው። ባንኩ ከሚያወጡት ላይ በመቶኛ የሚቆርጥ ከሆነ ያንን ይተዉት። አንዴም ያውጡት አሥሬ፣ የዓመቱ የመቶኛ ክፍያ ያው ነው፤ ስለዚህ ውሳኔውን አይነካውም። ከወለዱ ላይ ግብር የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ለ i የሚያስገቡት ከግብር በኋላ እጅዎ የሚገባውን ነው።

«ተቀጣሪ ነኝ። ደመወዜ ባንክ ይገባል፤ በወር 12,000 ብር አወጣለሁ። ገንዘቡን ወር በገባ ቀን አንዴ ጠርጌ ነው የማወጣው። ባለቤቴ በዚህ ትቆጣለች።» (ከአዳማ)

በወለዱ ብቻ ከሆነ የምትቆጣው፣ አንተ ነህ ልክ። 7% በወር ሲከፋፈል 0.58% ገደማ ነው። ወደ ባንክ መሄድ በትራንስፖርትና በሰልፍ 35 ብር ያስወጣሃል እንበል። ቀመሩ በትክክል 12,000 ብር ይሰጣል፤ በአንድ ጉዞ ማለት ነው። ማረጋገጥ ትችላለህ፦ አንዴ ስታወጣ የሚያመልጥህ ወለድ 35 ብር፣ ጉዞው 35 ብር፣ ድምሩ 70 ብር። ሁለት ጊዜ ከሆነ ወለዱ ወደ 17.50 ይወርዳል፤ ጉዞው ግን 70 ይሆንና ድምሩ 87.50 ይደርሳል።

የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ጀምስ ቶቢን በ1956 እ.ኤ.አ. ያጠበቀው ነጥብ ይህ ነበር። የጉዞ ብዛት ሙሉ ቁጥር ነው፤ አንድ ተኩል ጊዜ ባንክ አይኬድም። ስለዚህ ወጪው ትንሽ የሆነ ሰው ከነጭራሹ መመላለስ አያዋጣውም፤ ገንዘቡ ሲበዛ ነው ጨዋታው የሚጀምረው። አንድ ነገር ባንክህን ጠይቅ፦ ወለዱ የሚሰላው በየቀኑ ቀሪ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ? በዝቅተኛው ከሆነ፣ በወሩ ውስጥ የሚያልቅ ገንዘብ ባንክ ቢቆይም ወለድ አያገኝም። ያኔ ክርክሩም የለም።

ባለቤትህ የምትፈራው ሌባ ወይም እጅ ማብዛትን ከሆነ ግን ቀመሩ ሁለቱንም አያውቃቸውም። እሷን ስማ። በስልክ ከሂሳብህ በቀጥታ መክፈል በምትችልበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጉዞው ዋጋው ዜሮ ገደማ ነው፤ የምትይዘው ጥሬ ገንዘብም ወደዚያው ይጠጋል።

«ዕቃ በየቀኑ በሚወደድበት አገር i 7% ነው ብሎ መቀመጥ ቀልድ አይደለም ወይ? የዋጋ ንረቱስ?» (ከደሴ)

ብስጭቱ ይገባኛል፤ ሒሳቡ ግን አልተሳሳተም። i የሚለካው በሁለት አማራጮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጥሬ ገንዘብም የቁጠባ ሂሳብም በብር ናቸው። የዋጋ ንረቱ ሁለቱንም እኩል ይበላቸዋል። ኪስዎ ያለው ከባንኩ ጋር ሲነጻጸር የሚያጣው 7% ብቻ ነው።

አማራጭዎ ባንክ ካልሆነ ነገሩ ይለወጣል። ነጋዴ ከሆኑና ትርፍ ብር ባገኙ ቁጥር ዘይት ወይም ሲሚንቶ የሚገዙበት ከሆነ፣ i የሚሆነው የዚያ ዕቃ ዋጋ ይጨምራል ብለው የሚጠብቁት ነው፤ የማከማቻውና የብልሽቱ ወጪ ተቀንሶ። ሲሚንቶ እርጥበት ሲያገኘው ይደርቃል፤ ያንንም ይቁጠሩት። ዕቃውን መልሶ ወደ ብር ለመለወጥ ገዢ መፈለግና መደራደር ስላለ b ም አብሮ ያድጋል። ብዙ ሰው i ን ብቻ ያሳድግና b ን ይረሳል፤ ከዚያ ደመወዝ መክፈያ ቀን ላይ መጋዘኑ ሙሉ፣ ካዝናው ባዶ ይሆንበታል።

«ለእናቴ በዓመት 6,000 ዶላር እልካለሁ። በአንድ መላኪያ 5 ዶላር እከፍላለሁ። እዚህ ያለኝ የቁጠባ ሂሳብ 4% ይሰጣል። እናቴ የምልክላትን ቤት ነው የምታስቀምጠው። አሰባስቤ ልላክ ወይስ በየወሩ?» (ከቨርጂኒያ)

4 በመቶውን ብቻ ካየሽ ቀመሩ በአንድ ጊዜ 1,225 ዶላር ገደማ፣ በዓመት አምስት ጊዜ ይልሻል። ግን እዚህ ላይ ከላይ ለደሴው አንባቢ ከሰጠሁት መልስ የተለየ ነገር አለ። ያንቺ አማራጮች ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች ናቸው። ዶላሩ አንቺ ጋ ቢቆይ ዶላር ነው፤ እናትሽ ጋ ሲደርስ ብር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀው በኋላ ብር ምን ያህል እንደወረደ አይተሻል። ብሩ ወደፊትም በዓመት 12% ይወርዳል ብለሽ ብትገምቺ፣ ያንቺ i ወደ 16% ይጠጋል። ያኔ ቀመሩ 612 ዶላር፣ በዓመት አሥር ጊዜ ገደማ ይሰጣል። በየወሩ 500 ዶላር መላክ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

12 በመቶው ምሳሌ ነው፤ የራስሽን ግምት አስገቢ። እናትሽ ገንዘቡን 7% በሚከፍል ሂሳብ ካስቀመጠች ያንን ከ i ላይ ቀንሺ።

«ጋሼ፣ መምህራችን የባውሞል ሞዴል እያለ ያስተምረናል። እርስዎ ደግሞ ቶቢን ይላሉ። የማን ነው? ለፈተና ነው።» (ከባሕር ዳር)

ከላይ የሰጠሁት ቀመር የሁለቱም ይባላል። ዊልያም ባውሞል በ1952 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ሐሳቡን የወሰደው ከዕቃ ክምችት አያያዝ ነው። ይቺው ስኩዌር ሩት በፎርድ ሃሪስ እጅ ከ1913 ጀምሮ ለመጋዘን ታገለግል ነበር። ቶቢን በ1956 ተከተለ። ፈተና ላይ የምትወደደዋ ጥያቄ ይቺ ናት፦ ክፍያ አራት እጥፍ ሲያድግ የሚያዘው ገንዘብ ስንት እጥፍ ያድጋል? ሁለት። አራት ብለህ እንዳትጽፍ።

«የእኔ ሱቅ ገንዘብ ሲገባም ሲወጣም ቀን አይጠብቅም። አንድ ቀን 80,000 ይገባል፣ በማግስቱ 60,000 ይወጣል። ይህ ቀመር ለእኔ ይሠራል?» (ከጎንደር)

አይሠራም። ከላይ ያለው ሁሉ ወጪው እኩል እኩል እንደሚንጠባጠብና ቀኑ አስቀድሞ እንደሚታወቅ ያስባል። ለእርስዎ የሚቀርበው ሜርተን ሚለርና ዳንኤል ኦር በ1966 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው። ሦስት መስመር ያሰምራሉ፦ ዝቅተኛ ወለል፣ ከፍተኛ ጣሪያና መመለሻ። በመካከል ገንዘቡ እንደፈለገ ይውረድ ይውጣ፣ አይነኩትም። ጣሪያውን ሲነካ ትርፉን ባንክ ያስገባሉ፤ ወለሉን ሲነካ ያወጣሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ መመለሻው መስመር ነው። መመለሻው መሃል ላይ አይደለም፤ ከወለሉ ወደ ጣሪያው ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ማስተኛት ወለድ ያስቀራል።

ወለሉን ቀመሩ አይነግርዎትም፤ ራስዎ ነዎት የሚወስኑት። ያለፉትን ጥቂት ወራት መዝገብ ይዩና ድንገት የመጣብዎትን ትልቁን ክፍያ ይፈልጉ። ከዚያ ይጀምሩ። 20,000 ብር ወለል፣ 110,000 ብር ጣሪያ ቢያደርጉ መመለሻው 50,000 ብር ይሆናል። ወለሉን በየሳምንቱ እየነኩት ካገኙት መስመሮቹ ተቀራርበዋል፤ ጣሪያውን ያርቁት፣ መመለሻውንም አብረው ያንሱት።