የወረቀት ሰንሰለትና ኮከብ፦ ቀለበቱ ለምን ይከፈታል፣ ኮከቡስ ለምን አይዘጋም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የ3፣ የ4 እና የ6 ዓመት ልጆች እናት ነኝ። ከተጠራቀመ የፕሪንተር ወረቀት ለ3 ሜትር ግድግዳ የሚሆን ሰንሰለትና ኮከብ ከልጆቼ ጋር ልሠራ ብሞክር ቀለበቶቹ እየተከፈቱ ተበታተኑ፣ ኮከቡም ክብ ሆኖ አልዘጋ አለኝ። ትንሹ ደግሞ ሥራ አጥቶ ያለቅሳል። እንዴት ላድርግ?»

እህቴ፣ ለሁለቱም ችግር ሙጫ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ቀለበቱን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ የተቆረጠበት አቅጣጫ ነው። ኮከቡ የማይዘጋው ደግሞ ወረቀቱ ለስፋቱ የሚበቃ ርዝመት ስለሌለው ነው። የትንሹም ለቅሶ ከሥራው ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱም ይስተካከላል።

ከቀለበቱ ልጀምር። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። በተለመደው ኤፎር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚተኙት በረጅሙ ጎን ነው። በረጅሙ የተቆረጠ ጥብጣብ ሲጠቀለል ክሮቹ ራሳቸው መጉበጥ ስላለባቸው እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል፣ ያልደረቀውንም ሙጫ ይገነጥላል። በአጭሩ ጎን የተቆረጠው ግን ሳያስቸግር ይጠቀለላል። ለማረጋገጥ ወረቀቱን ሳታጥፊ አንዴ በረጅሙ፣ አንዴ በአጭሩ ጎበጥ አድርጊው፤ በአንደኛው በኩል ለስለስ ብሎ ሲታዘዝ በሌላኛው በኩል እጅሽን ይገፋል። ጥብጣቡ ለስለስ ብሎ በሚጠቀለልበት በኩል ይቆረጥ። የጋዜጣ ወረቀት ስስና ለስላሳ ስለሆነ በየትኛውም በኩል ቢቆረጥ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ቀለሙ ግን የልጆቹን ጣት ያጠቁራል።

ስለዚህ ወረቀቱን 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው ጥብጣቦች ቁረጪው። ከአንድ ኤፎር 9 ይወጣል፣ ጠርዝ ላይ ትንሽ ትርፍ ይቀራል። ከ2 ሴንቲ ሜትር የጠበበ ጥብጣብ ለትንሽ ልጅ ጣት አይመችም፣ ሙጫ የሚይዝበት ቦታም ያንሰዋል። ጫፍና ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደራረብ ቀለበቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይኖረዋል፤ ሰንሰለቱም በእያንዳንዱ ቀለበት ያንኑ ያህል ይረዝማል። ሰንሰለቱ መሀሉ ላይ ረገብ ብሎ እንዲያምር ለ3 ሜትር ግድግዳ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። 7 ወረቀት 63 ጥብጣብ ስለሚሰጥሽ ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ሁሉም ሰው ሰንሰለቱን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀለበት በቀለበት ይቀጥላል። እንዲህ ሲሠራ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ሙጫው ሳይደርቅም ቀጣዩ ቀለበት ይገባና ይጎትተዋል። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ ጥብጣቡን በፊተኛው ቀለበት ውስጥ ማሳለፉን ረስቶ ለብቻው ይዘጋዋል። እዚህ ላይ ልጁን ማረም አያስፈልግም፤ ያንኑ ለብቻው የሚዘጋውን ቀለበት ሥራው አድርጊለት።

63ቱን ጥብጣቦች ለሁለት ክፈያቸው፦ 32ቱ ለብቻቸው የሚዘጉ፣ 31ዱ አገናኝ። ትንሹ 32ቱን አንድ በአንድ እየዘጋ ያስቀምጣል፤ ምንም የሚያሳልፈው ነገር የለም። አንቺ ጫፉን ሙጫ ትቀቢለታለሽ፣ እሱ አጋጥሞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ እስከ 20 ይቆጥራል ወይም አብራችሁ ትቆጥራላችሁ። ቀለበቶቹ በደንብ እስኪደርቁ ይቀመጡ። ከዚያ የ6 ዓመቷ ወይም የ6 ዓመቱ ልጅ ሁለት የደረቁ ቀለበቶች ይወስዳል፣ አንድ አገናኝ ጥብጣብ በሁለቱም ውስጥ አሳልፎ ይዘጋል። ይህ የሦስት ቀለበት ቁራጭ ነው። 16 እንዲህ ያሉ ቁራጮች ይወጣሉ፣ 16 አገናኝም ያልቃል። የቀሩት 15 አገናኞች 16ቱን ቁራጮች እርስ በርስ ያያይዛሉ፤ ሰንሰለቱ በዚሁ ያልቃል። ቁራጮቹ አጫጭር ስለሆኑ ጠረጴዛ ላይ አይጠላለፉም፣ ማንም ረግጦ አይበጥሳቸውም።

ቀለም ለመቀባት ከፈለጋችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ሙሉውን ወረቀት ቀቡ፤ ጠባብ ጥብጣብ ላይ መቀባት ለሕፃን ከባድ ነው፣ ወረቀቱም ይጨማደዳል። የመካከለኛው ልጅ ሥራ ይህ ይሁን። 3 ወረቀት ሙሉ በሙሉ፣ ከአንዱ ደግሞ 4 ጥብጣብ የሚወጣውን ያህል ብቻ ከተቀባ 31ዱ አገናኞች ባለ ቀለም፣ 32ቱ ደግሞ ነጭ ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ሲገጣጠም አንዱ ነጭ አንዱ ባለ ቀለም እየሆነ በራሱ ይሰካካል፤ ልጆቹ ተራውን ማስታወስ አይጠበቅባቸውም። በአንድ በኩል ብቻ የታተመበት ወረቀት ከሆነ የታተመበት ገጽ ወደ ውስጥ ይሁን፣ ሙጫውም በታተመበት ገጽ አንድ ጫፍ ላይ ይቀባ፤ ያኔ ጽሑፉ ከውጭ አይታይም።

ለሙጫ ከሁሉ የሚቀለው እየተገፋ የሚወጣው ጠጣር ሙጫ ነው፣ ወረቀቱን አያረጥበውም። የዱቄት ሙጫም ይሠራል፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪልም በጥብጪ፣ እየፈላ ባለ 1 ኩባያ ውሃ ውስጥ እያማሰልሽ ጨምሪው፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ካበሰልሽው በኋላ ሲቀዘቅዝ ተጠቀሚ። በስሱ ነው የሚቀባው። ሲበዛ ወረቀቱ ረጥቦ ይለሰልስና ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ቀለበቱም ተንሸራቶ ይጠማዘዛል። በዚህ ሙጫ የተሠራውን ቀለበት እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ወይም በአግራፍ ያዢው። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ የዱቄት ሙጫ በደንብ አይዝም፣ እዚያ ፕላስተር ይሻላል። ስታፕለር ፈጣን ቢሆንም ያልታጠፈ ሽቦ ጣት ይወጋል፤ ከተጠቀምሽ ራስሽ ምቺ፣ ጀርባውንም በጣትሽ እየዳሰስሽ አረጋግጪ። የሱቅ ደረሰኝ ግን ከነጭራሹ አይግባ፤ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፊቱ ላይ ኬሚካል የተቀባ ነው፣ ጣቱን ወደ አፉ ለሚወስድ ልጅ አይሆንም።

ኮከቡ የሚሠራው ወረቀቱን እንደ ሽንሽን ቀሚስ በመሸንሸን፣ መሀሉን በክር በማሰርና ሁለቱን ክንፎች ገልጦ በማጋጠም ነው። ሙሉ ኤፎር 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በአጭሩ ጎን ሲሸነሸን 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ይሆናል፣ ሲገለጥ ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መሙላት ይጠበቅበታል። ለዚህ ወረቀቱ አይበቃም፤ ሁለቱ ክንፎች ሳይገናኙ ይቀራሉ ወይም በግድ ሲሳቡ ይቀደዳሉ። ያጋጠመሽ ይህ ይመስለኛል። የወረቀቱ ርዝመት ቢያንስ የስፋቱን ሁለት እጥፍ መሆን አለበት፤ ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ ሽንሽኑ ጎላ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ ኤፎሩን በረጅሙ ለሁለት ቁረጪው። እያንዳንዱ ግማሽ 10.5 በ29.7 ይሆናል፣ አንድ ግማሽ አንድ ኮከብ ነው። ሕፃን በዓይን ግምት ሲሸነሽን እጥፉ እየሰፋ ይሄዳል፣ መጨረሻው ጠማማ ይሆናል። ይልቁንስ 29.7ቱን በመሀል እጠፉት፣ እንደገና በመሀል፣ ለሦስተኛ ጊዜም በመሀል፤ ሲገለጥ 8 እኩል ክፍሎች ይታያሉ። አንቺ እያንዳንዱን ክፍል በመሀሉ አንዴ ብታጥፊው 16 ይሆናሉ። መስመሩ ስላለ የ4 ዓመት ልጅ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እያደረገ ሊከተለው ይችላል። እያንዳንዱን እጥፋት በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ ያልተኛ እጥፋት በኋላ ክንፉን ያሳብጠዋል። ክፍሎቹ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ይሁኑ። 15 ወይም 17 ከሆኑ አንዱ የወረቀት ጫፍ በዘንጉ በአንደኛው ጎን፣ ሌላኛው በተቃራኒው ጎን ያልቅና በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ሹሉ ይጠፋል።

ሹል የሚያወጣው የዘንጉን ሁለት ጫፎች በሰያፍ መቁረጥ ነው፤ ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው፣ 16 ድርብ ወረቀት የልጅ መቀስ አይቆርጠውም። አቆራረጡን ልብ በይ፦ ሁለቱም ጫፎች ረጅም ሆነው የሚቀሩት በዘንጉ በአንድ ጎን፣ ያውም የወረቀቱ ሁለት ጠርዞች ባሉበት ጎን መሆን አለበት። ዘንጉ እንደ ቤት ጣሪያ አንድ ጎኑ ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ ይታያል። አንዱ ጫፍ በዘንጉ በአንደኛው ጎን፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ረጅም ሆኖ ከቀረ ክንፎቹ ሲጋጠሙ ሹሎቹ አይገጥሙም። ሰያፉ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ጥርት ያለ ሹል ይወጣል፤ በትክክል ከተቆረጠ 16 ሹል ትቆጥሪያለሽ።

ከዚያ የዘንጉን መሀል በክር ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። የላላ ከሆነ ኮከቡ ሲገለጥ መሀሉ ወደ ፊት ተገፍቶ እንደ ኩባያ ይሆናል። ልጁ ክንፎቹን እንደ ማራገቢያ ይገልጣል፣ የሚገናኙትን ጠርዞች በሙጫ ያጋጥማል፣ እስከ 20 ይይዛል። አሁንም ወደ ፊት የሚገፋ ከሆነ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ከኋላ መሀሉ ላይ ለጥፊ፤ ይቀመጣል።

ለመስቀል ከባድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ኤፎር 5 ግራም ገደማ ነው፣ ሰንሰለቱና 4 ኮከቦች ተደምረው 50 ግራም እንኳ አይሞሉም። ሰንሰለቱን በሁለቱ ጫፎችና በመሀል በፕላስተር ያዢው፣ ኮከቦቹን በክር ከቀለበቶቹ ላይ አንጠልጥይ። ከመብራት አምፖል፣ ከሻማና ከምድጃ ራቅ ይበል፣ ክሩም ከትንሹ ልጅ እጅ በላይ ይሁን። በዱቄት ሙጫ የተሠራ ከሆነ ስታወርጂው ወዲያው ጠቅልለሽ አታስቀምጪ፤ ውስጡ እርጥበት ካለ ይሻግታል፣ አንድ ቀን ዘርግተሽ አድርቂው።