ሽንት ውሃ እስኪመስል መጠጣት?

«ቫይታሚን ከጀመርኩ ወዲህ ሽንቴ ደማቅ ቢጫ ሆነ። ውሃ አንሶኝ ይሆን?»

አይደለም፤ ቀለሙ የቫይታሚን ቢ2 ነው።

«ጠዋት ሽንቴ ይጠቁራል። አንድ ሊትር ውሃ ባንዴ ስጠጣ ግን ወዲያው ይጠራል። ተስተካከልኩ ማለት ነው?»

የግድ አይደለም። ባንዴ የገባ ውሃ ደምን ለጊዜው ስለሚያቀጥነው ኩላሊት ትርፍ ነው ብሎ ያስወጣዋል። ሽንትዎ ጠርቶም ሰውነትዎ የጎደለውን ገና ያልተካ ሊሆን ይችላል። የጠዋቱ ሽንት ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠጡ የተጠራቀመ ነው፤ መጥቆሩ አያስደንቅም። የቀኑን ይመልከቱ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ይበቃል። በመጸዳጃው ውሃ ላይ አይፍረዱ፤ ያቀጥነዋል።

«ለአራት ሰዓት ያህል ስሮጥ አምስት ሊትር ውሃ ጠጣሁ። ስጨርስ ራሴን አመመኝ፣ አስመለሰኝ። ጓደኞቼ ድርቀት ነው ብለው ሌላ ውሃ ሰጡኝ። ስነሳ 62 ኪሎ ነበርኩ፣ እንደጨረስኩ ስመዘን 63።»

ጓደኞችዎ ሚዛኑን አይተውት ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱን ይቀሙዎት ነበር። ውሃ የጎደለው ሰው ኪሎ አይጨምርም።

አንድ ኪሎ ማለት አንድ ሊትር ገደማ ነው። አምስት ሊትር ገብቶ አንዱ ከቀረ በላብና በሽንት የወጣው አራት ሊትር ያህል፣ ማለትም በሰዓት አንድ ሊትር ነው። እርስዎ ግን በሰዓት አንድ ሊትር ከሩብ ሲጠጡ ነበር። በረጅም ሩጫ ጊዜ ሰውነት ውሃ የሚያስቀር ሆርሞን ስለሚለቅ ኩላሊት ትርፉን ቶሎ አያስወጣውም። ላቡ ደግሞ ጨው ይዞ ይወጣል። በዚህ መሀል በደም ውስጥ ያለው የጨው ንጥረ ነገር፣ ሶዲየም፣ ይቀጥናል፣ ውሃው ወደ ሴሎች ይገባል፣ አንጎልም ያብጣል። ራስ ምታትና ትውከት ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ። የድርቀትም ምልክቶች እነዚሁ ስለሆኑ ሰው ይሳሳታል፤ የሚለያቸው ሚዛኑ ነው።

የስፖርት መጠጥ ቢሆንስ? ሶዲየሙ ከደም ሶዲየም እጅግ ያነሰ ስለሆነ ከልክ በላይ ከተጠጣ እሱም ያቀጥናል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠማዎት ይጠጡ፣ የውሃ ማደያ ጣቢያ ስላዩ ብቻ አይጠጡ። ከሩጫው በፊትና በኋላ ላብዎን ጠርገው፣ ያለ ልብስ ይመዘኑ። ሲጨርሱ ኪሎዎ ትንሽ ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ እስከ አንድ ኪሎ አያሳስብም። ከእንዲህ ያለ ሩጫ በኋላ ሰው ከተደናገረ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ውሃ አትስጡት። ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱትና የደሙ ሶዲየም ይለካ። ይህ «ነገ እናያለን» የምትሉት ነገር አይደለም።

«እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ አልጠማኝም እያለች ውሃ አትጠጣም።»

እድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ እሷ ላይ ጥምን መለኪያ አያድርጉት። ከምግብና ከመድኃኒት ጋር እያያዙ ጥቂት ጥቂት ይስጧት። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባት ወይም የሚያሸና መድኃኒት ከወሰደች መጠኑን ሐኪሟ ይወስን።