አቤቱታሽ በአለቃሽ እጅ እንዳያልፍ

«ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የግል ፋብሪካ በጊዜያዊ ውል እሠራለሁ። የፈረቃ ኃላፊዬ ‹ከእኔ ጋር ካልሆንሽ ውልሽ አይታደስም› ይለኛል፤ በሌሊት ፈረቃም ይነካካኛል። ለሰው ኃይል አስተዳደር ስነግራቸው ‹በቅርብ አለቃሽ በኩል አቅርቢ› አሉኝ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ የተሰጠሽ መልስ ስሕተት ነው። በእርከን አቤት ማለት ለደመወዝ ስሌትና ለፈረቃ ድልድል ይሠራል፤ የተከሰሰው ራሱ የመጀመሪያው ተቀባይ ሲሆን ግን የሰዓት መቆጣጠሪያሽንና የሥራ አፈጻጸም ነጥብሽን የሚሞላው እርሱ በመሆኑ፣ አቤቱታሽ ወደ ላይ ከመድረሱ በፊት ስለ አንቺ ስንፍና የሚናገር ማስጠንቀቂያ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ያንቺ ቃል የተቀጣ ሠራተኛ ብሶት ተደርጎ ይነበባል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። አጥፊው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን አቋርጣ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። አጥፊው ተራ ባልደረባ ከሆነ ግን አስቀድማ ለአሠሪው ማሳወቋና አሠሪው በወቅቱ ተገቢ እርምጃ አለመውሰዱ መታየት አለበት። የፈረቃ ኃላፊ የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን ከሌለው የሥራ መሪ መሆኑ ሊያከራክር ስለሚችል፣ በጽሑፍ ማሳወቅሽ በሁለቱም መንገድ ይጠብቅሻል።

ስለዚህ ደብዳቤውን በቀጥታ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ጻፊ፤ የሠራተኛ ማኅበር ካለም ግልባጭ ይድረሰው። የተፈጸመበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የተናገረሽን ቃል ሳትለውጪ፣ በአቅራቢያ የነበሩትን ሰዎችም ጥቀሺ፤ ከፈረቃ ኃላፊው ሥር እንድትወጪም ጠይቂ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂና ተቀባዩ በአንቺ ቅጂ ላይ ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት አድርጊ። አንቀበልም ካሉሽ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ ደረሰኙ ማስረጃ ይሆናል። የውል ዘመን ማብቃት ከበቀል ለመለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ውልሽ ከማብቃቱ በፊት መድረሱ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ከፋብሪካው ውጭ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን በሚከታተለው መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ። ተቆጣጣሪው ድርጅቱን መመርመርና ማስተካከያ እንዲደረግ ማዘዝ ይችላል፤ ካሳ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። የፈረቃ ኃላፊሽ ሰውነትሽን መንካቱንና ማስፈራራቱን በተመለከተ የማንም ፈቃድ ሳያስፈልግሽ በቀጥታ ለፖሊስ ማመልከት ትችያለሽ፤ ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚያግዝሽ ባለሙያ ጠይቂ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ ተማርረሽ ሳታስፈቅጂ ከሥራ አትቅሪ፤ መቅረትሽ ለስንብት ሰበብ ይሆናቸዋል። ውሉን በዚህ ምክንያት ለማቋረጥ ከወሰንሽ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጸሽ አቋርጪ፤ ከዚያ በኋላ መብቱ ይቀራል።