ፒኑ እየወጣ ያስቸግራል? ሱፐር ግሉውን ተወው

«ሰላም ጋሼ። ወንድሜ ከዱባይ ሴይኮ 5 ሰዓት አመጣልኝ። የብረት ማሰሪያው ሰፍቶኝ ስለነበር ሰዓት ሰሪ ጋ ወስጄ ሁለት አንጓ አስቀነስኩ። ሳምንት ሳይሞላው አንዱ ፒን በጎን መውጣት ጀመረ። ጠዋት በጣቴ ገፍቼ እመልሰዋለሁ፣ ማታ ደግሞ ወጥቶ አገኘዋለሁ። ሱፐር ግሉ ጠብ ላድርግበት? ካልሆነም በቆዳ ማሰሪያ ልቀይረው አስቤያለሁ፣ ግን ሰዓቱን እንዳልጭረው ፈራሁ።»

ወንድሜ፣ «በጣቴ ገፍቼ እመልሰዋለሁ» ያልከው ነገር ብዙውን ነገረኝ። ደህና ሆኖ የተገጠመ ፒን በጣት አይገባም። በመዶሻ ቀስ ተብሎ ተመትቶ ነው የሚገባው። በጣት ከገባ የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነው። የእኔ ግምት፣ ማሰሪያው ሲቀነስ ከፒኑ ጋር የምትሄደው ትንሽ ቱቦ ወድቃ ጠፍታለች። የሰራውም ሰው ወይ አላያትም፣ ወይ አይቶ ትቷታል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ፒኑን አውጣና እየው። ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ያልተሰነጠቀና የብሎን ጥርስ የሌለው ዘንግ ከሆነ ግምቴ ልክ ሊሆን ነው። ቀጥሎ የመሀለኛውን አንጓ ቀዳዳ በሁለቱም ጎን በብርሃን ተመልከት። በአንዱ ጎን ሰፋ፣ በሌላው ጎን ጠበብ ያለ ከሆነ ሰፊው የቱቦዋ ቤት ነው። ፒኑ ግን አንድ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ከሆነ ቱቦ የለውም፤ የሚይዘው ራሱ ስንጥቁ ነው። እንደዚያ ከሆነ ምናልባት ስንጥቁ ተጨፍልቋል፣ ወይም ተገልብጦ ገብቷል። ብዙ የሴይኮ ማሰሪያዎች ግን ባለ ቱቦ ናቸው።

ይህቺ ቱቦ ምን እንደምትሰራ ጊዜ ወስጄ ላስረዳህ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ማሰሪያህ ልክ እንደ በር ማጠፊያ ነው። አንዱ አንጓ በሌላው ላይ እንዲታጠፍ ፒኑ አንዱን ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ በሌላው ውስጥ ደግሞ ላላ ብሎ መዞር አለበት። ሁለቱንም ከያዘ አይታጠፍም። ሁለቱንም ካልያዘ ይወጣል። ስለዚህ በውጪኞቹ ሁለት ክንፎች ያሉት ቀዳዳዎች ሆን ተብሎ ላላ ተደርገው ይሰራሉ። የመሀለኛው ቀዳዳ ቱቦዋን ይይዛል። ቱቦዋ ከስስ ብረት የተጠቀለለች ናት፣ በቁመቷም ስንጥቅ አላት። የውስጧ ስፋት ከፒኑ ውፍረት በጥቂቱ ያነሰ ነው። ፒኑ ሲገባባት በግድ ትከፈታለች። ብረቷ ግን ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ ስለሚፈልግ ፒኑን ዙሪያውን ይጨምቀዋል። ያንን ሁሉ ዘንግ የሚይዘው ይህ ጭምቀት ብቻ ነው። ቱቦዋ ከሌለች ፒኑ በሦስት ላላ ያሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚንሳፈፍ ሽቦ ይሆናል፤ እጅህን ባወዛወዝክ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጓዛል።

ሱፐር ግሉ ለምን እንደማይሆን አሁን ይገባሃል። ማጣበቂያው ወደ መሀሉ ብቻ አይሄድም፣ ወደ ክንፎቹም ይሰርጋል። አንጓው ደርቆ አልታጠፍ ይላል። ስትለብሰው በግድ ስለሚታጠፍ ማጣበቂያው ይሰነጠቃል፣ ላብና ውሃም ያላላዋል። ያኔ ሰዓትህ የሚወድቀው ምንም ሳታስብ ነው። ፒኑን በፒንሳ ቆልምሞ ማስገባት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እንደዚያ የተሰራ ስንት ማሰሪያ መጥቶልኛል! የተቆለመመ ፒን ለጊዜው ይይዛል፤ ግን ቀዳዳውን ሞላላ አድርጎ ይበላዋል። ቀዳዳው አንዴ ከተበላ አንጓውን ከመለወጥ ሌላ መድኃኒት የለውም። የምትወጣው ዘንግ ጠመም ካለች፣ ከአንተ በፊት የነካው ሰው ይህን አድርጓልና መልሰህ አታስገባት።

አሁን ወደ ስራው እንግባ። የተቀነሱት ሁለት አንጓዎች የት አሉ? ካልሰጠህ ሂድና ጠይቀው፤ የአንተ ንብረት ናቸው። ሁለቱ አንጓዎች እርስ በርስ የተያያዙበት ፒን ውስጡ ቱቦ አለው። ይህም ማለት መለዋወጫህ እጅህ ላይ ነው። ካጣኸው ግን ፒንና ቱቦ አብሮ የሚሸጥበት ቦታ ፈልግ። ማሰሪያውን ይዘህ ሂድ፤ ቱቦዋ ለፒኑ ውፍረት ልክ መሆን አለባት። በእሽግ የሚመጡት ርካሽ ፒኖች ለስላሳ ብረት ናቸው። አንዴ ሲመቱ ይጎብጣሉ፣ ቱቦዎቻቸውም አንዳንዱ ሰፊ አንዳንዱ ጠባብ ነው። በጣትህ ጎንበስ የሚል ፒን አትግዛ።

ከመጀመርህ በፊት መነጽር አድርግ። ተራ የዓይን መነጽር ብቻውን አይበቃም፤ የብየዳ ቤት ወይም የእንጨት ቤት ነጭ መነጽር ግዛ። በልብስ ስፌት መርፌም ፒን አትግፋ። መርፌ ደረቅ ብረት ነው፣ ሲመታ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ለዚህ የተሰራው ፒን መግፊያ ርካሽ ነው፤ ጫፉ ከፒኑ ትንሽ የቀጠነ ይሁን።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። ማሰሪያውን ገልብጠህ ውስጡን እይ። ወደ መቆለፊያው ቅርብ ያሉት አንጓዎች ላይ ትንንሽ ቀስቶች አሉ። ቀስቱ ፒኑ የሚወጣበት አቅጣጫ ነው። ማሰሪያውን በጎኑ አቁመው፣ ቀስቱ ወደ ታች ያሳይ። ግራና ቀኙን በሁለት ላጲስ ደግፈህ፣ ፒኑ የሚወድቅበት ክፍተት ከስር ተውለት። የሰዓቱ አካል እንዳይጫር በስኮች ጠቅልለው። ከዚያ መግፊያውን ፒኑ ላይ ቀጥ አድርገህ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታ። ወደ ጎን ካዘነበለ አቁም፤ ጭረት የሚመጣው ከኃይል ሳይሆን ከመንሸራተት ነው።

ፒኑ ሲወጣ አንጓዎቹን በችኮላ አትለያያቸው። በቀስታ ጨርቁ ላይ አንሳቸው፣ ቱቦዋ በዚያች ቅጽበት ነው የምትወድቀው። የሩዝ ፍሬ እንኳ አታክልም። ከተቀነሱት አንጓዎች የምታወጣትን ቱቦ በወረንጦ ያዛት፤ አትጭመቃት፣ ትጨፈለቃለች።

ስትገጥም መጀመሪያ ቱቦዋን በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ አስቀምጣት። አንጓውን በዚያ ጎን ወደ ላይ አቁመው፣ ስበቱ ይይዝልሃል። ክንፎቹን ግጠምና ቀዳዳዎቹ መስመር መያዛቸውን በብርሃን እይ። ፒኑን ከቀስቱ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገባ። መጀመሪያ በጣት ይገባል፣ ከዚያ ይቆማል። ያ መቆም ቱቦዋ ናት። ከዚያ ወዲያ በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው፣ ሁለቱም ጫፎች ከክንፎቹ ገጽ ትንሽ ገባ እስኪሉ ድረስ። እስከ መጨረሻው በጣትህ ከገባ ቱቦዋ ቦታዋ ላይ የለችም፤ አውጥተህ ፈልጋት። ሲያልቅ መግፊያውን በእጅህ ብቻ ጫን ብለህ ግፋው። አለመነቃነቁን ካየህ በኋላ አንጓው በነፃነት መታጠፉን ሞክር። ሁለቱም ከሆኑ ስራው አልቋል።

ሌላውን ማለትም በዚያው ሰው እጅ የተነካውን ፒን ሁሉ በዚሁ መንገድ ፈትሽ። አንዷን ቱቦ የጣለ እጅ ሌላዋንም ጥሎ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቆዳው ማሰሪያ። መጀመሪያ በሰዓቱ ሁለት ጆሮዎች፣ ማለትም ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ጫፎች፣ መካከል ያለውን ስፋት በካሊፐር ለካ። ትንንሾቹ ሴይኮ 5 አብዛኛውን ጊዜ 18 ሚሊ ናቸው፣ ትልልቆቹ የጠላቂ ሰዓት የሚመስሉት 22። ቆዳው ከዚያ ጋር ልክ ከሆነ በግድ ሳይጨናነቅ ይገባል።

ማሰሪያው የተያዘው በባለ ሞላ ፒን ነው። በውስጡ ሞላ አለ፣ ጫፎቹ ተጭነው ይገባሉ፣ ሲለቀቁ ይወጣሉ። በዚህም ምክንያት በዚህ ስራ ከሁሉ የምፈራው ዓይንህን ነው። ሞላው ከመሳሪያው ካመለጠ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። መነጽርህን አታውልቅ፤ እጆችህንና ሰዓቱንም ብርሃን በሚያሳልፍ ትልቅ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገህ ስራ። ዓይንህን ይጠብቅልሃል፣ ፒኑም ሶፋ ስር አይገባም።

ሰዓቱን መስታወቱን ወደ ታች ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኛው። በጆሮዎቹ ውስጥና ከኋላ ስኮች ለጥፍ። ሹካ ቅርጽ ያለውን የሞላ ፒን መሳሪያ ከኋላ በኩል በማሰሪያው ጫፍና በጆሮው መካከል አስገባ። የፒኑን ትከሻ ስትይዝ ትንሽ ጉብታ ይሰማሃል። ከዚያ ወደ መሀል፣ ማለትም ከጆሮው ርቀህ፣ ጫን። ብዙ ሰው ወደ ጆሮው ነው የሚገፋው፣ ጭረቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በቢላዋና በካቻቢቴ አይሰራም፤ ትከሻውን አይዙትም፣ ይንሸራተታሉ።

አዲሱን ስትገጥም አንዱን ጫፍ በጆሮው ቀዳዳ ውስጥ አስገባ፣ ሌላውን በመሳሪያው ጭነህ አንሸራትተው። «ቀጭ» ሲል ሰምተህ ብቻ አትመን። ማሰሪያውን ጠንከር አድርገህ ሳብ፣ ግራና ቀኝም ጠምዝዝ። ከርካሽ ቆዳ ጋር የሚመጡት ሞላ ፒኖች ቀጭን ናቸው፣ በጆሮው ቀዳዳም ይወዛወዛሉ። የድሮውን አሮጌ ፒን ወይም 1.8 ሚሊ የሚወፍር ጥሩ ፒን ተጠቀም፤ የቆዳው ቀዳዳ ከጠበበው 1.5 ሚሊም ይበቃል፣ ሞላው ግን ጠንካራ ይሁን። ተጭኖ ሲለቀቅ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ጣለው።

የብረት ማሰሪያውን ከማስቀመጥህ በፊት የወጡትን ሞላ ፒኖች፣ የተቀነሱትን አንጓዎችና የተረፈችውን ቱቦ በአንድ ትንሽ ፖስታ አብረህ አስቀምጥ፣ ፖስታውንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ።