«ሐኪሙ መታመሙን አምኖ ለፍርድ መቆም ይችላል አለ»

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ ከያዘው 9 ዓመት አልፎታል። ጎረቤቱን በድንጋይ መትቶ ከባድ ጉዳት አድርሷል ተብሎ ተከሷል። በዚያ ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ፍርድ ቤቱ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከው። ሐኪሙ በሽታው እንዳለበት ጽፎ መጨረሻ ላይ ግን ‹ለፍርድ መቆም ይችላል› ብሏል። የታመመ ሰው እንዴት ይችላል ይባላል? ደግሞ ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወንድሜም ብዙ አልመለሰለትም። ሪፖርቱን እንዴት እናስጥለው? ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ስድስት ናቸው። ግርጌያቸው ላይ ግን «ከ7» ይላል። 4ኛው ገጽ አለ፣ 6ኛው አለ፣ 5ኛው የለም። ረስተሽው ሊሆን ይችላል። ግን ከሰባቱ አንድ ገጽ ብቻ ሲጎድል ያ ገጽ ምን እንደሚል እኔም ትንሽ እገምታለሁ። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አጭሩን ልጨርስ። «በዚያ ቀን ራሱን አያውቅም ነበር» ያልሽው ሌላ ጥያቄ ነው። ድርጊቱን ሲፈጽም አእምሮው እንዴት ነበር የሚለው የጥፋተኝነት ክርክር ነው፤ የራሱ ምርመራና የራሱ ሪፖርት አለው፣ ጊዜውም ወደፊት ይመጣል። አሁን በእጅሽ ያለው ወረቀት የሚመልሰው ዛሬ ችሎት ፊት ቆሞ ጉዳዩን መከታተል ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ያን ቀን ፍጹም ራሱን የሳተ ሰው ዛሬ ለፍርድ ሊቆም ይችላል። ያን ቀን ጤነኛ የነበረም ዛሬ ላይችል ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርገሽ ከተከራከርሽ ሁለቱንም ታበላሻለሽ።

«የታመመ ሰው እንዴት ይችላል ይባላል» ላልሽው፣ መለኪያው የበሽታው ስም አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ የዚህ መለኪያ መነሻ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1836 የተወሰነው የፕሪቻርድ ጉዳይ ነው፤ ተከሳሹ መስማትና መናገር የማይችል ሰው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከጅምሩ «አብዷል ወይ» አልነበረም። «ክሱ ይገባዋል ወይ፣ አምኛለሁ ወይም አላመንኩም ማለት ይችላል ወይ፣ የሚባለውን ተከታትሎ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ» ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960 በደስኪ ጉዳይ ላይ ከጠበቃው ጋር በማስተዋል መመካከር መቻል አለበት የሚለውን አጥብቀው አስገቡ። ዝርዝሩ በየአገሩ ይለያያል፤ የእናንተን ከጠበቃችሁ አረጋግጡ።

ስለዚህ ጥሩ ሪፖርት ከበሽታው ስም ዘሎ መደምደሚያ ላይ አይወርድም። በሽታው አለ፣ ምልክቱ ይህ ነው፣ ምልክቱ ይህን ችሎታ ይነካል ወይም አይነካም፣ ስለዚህ አስተያየቴ ይህ ነው ይላል። የወንድምሽ ሐኪም 4ኛው ገጽ ላይ ይህን በደንብ ሠርቶታል። ወንድምሽ ጎረቤቱ ውኃውን እንደሚመርዝበት ያምናል፤ ሐኪሙ ይህን አልካደም፣ እንዲያውም ሕመም ነው ብሎ ጽፏል። ከዚያ ዳኛ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀው። «ግራና ቀኙን ሰምቶ ይወስናል» አለ። ዐቃቤ ሕጉስ? «እኔን የሚከሰው» አለ። ጥፋተኛ ከተባልክስ? «እታሰራለኋ» አለ። ሐኪሙም እምነቱ ጎረቤቱን እንጂ ዳኛውንም ጠበቃውንም አይነካም ብሎ ደመደመ። «ጠበቃዬ ከመራዦቹ ጋር ነው» ቢል ኖሮ፣ ያው በሽታ ሆኖ መደምደሚያው ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጎደለው ገጽ። እንዲህ የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ልወቅስሽ ነው።

«ብዙ አልመለሰለትም» ብለሻል። ከላይ ያነሳኋቸው መልሶች ግን ራሱ የሰጣቸው ናቸው፣ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ። 1ኛው ገጽ ላይ እንዳየሁት ሆስፒታል የቆየው 14 ቀን ነው። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በ3ኛው ቀን ነበር፣ ሁለተኛው በ12ኛው። «ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ» ያልሽው እውነት ነው፤ 14 ቀን ነርሶቹ ሲያዩት መክረማቸውን ግን አልነገርሽኝም። 6ኛው ገጽ ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ከላይ በተገለጸው አለመጣጣም የተነሳ፣ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ያሳየው ዝምታ ከሕመሙ የመነጨ ነው ብዬ አልወሰድኩትም።» ከላይ የተገለጸው እንግዲህ 5ኛው ገጽ ላይ ያለው ነው።

በ3ኛው ቀን እየመለሰ የነበረ ሰው በ12ኛው ቀን ዝም ካለ፣ በመካከሉ ማን ጠየቀው? ማን ምን አለው? ለእኔ እዚህ አትመልሺልኝ። ለጠበቃው ግን ዛሬውኑ ንገሪው።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ስለሆነ ነው። የታመመ ልጃቸው እንዳይፈረድበት ፈርተው «ምንም አትመልስ»፣ «አላውቅም በል»፣ «ዛሬ ኪኒኑን አትውሰድ፣ ብሶብህ ይይህ» ይሉታል። ክፋት የለበትም፤ ፍቅር ነው። ሐኪሞቹ ግን ይህን ለማየት የሠለጠኑ ናቸው። እውነተኛ ዝምታ ሰውየው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብቻ አይመጣም። ምግብ ሲቀርብለትም፣ ሲታጠብም፣ ማታም ይታያል፤ ሰውነቱ ይከብዳል፣ አንዳንዴ ባስቀመጡት ሁኔታ ይቀራል። ሐኪሙ ፊት ስሙን አልናገርም ያለ ሰው ከሰዓት ከታማሚዎች ጋር ካርታ ሲጫወት ነጥብ ከያዘ፣ ነርሷ ሰዓቱን ጠቅሳ መዝገቧ ላይ ታሰፍረዋለች። «አላስታውስም» ማለትም ብዙ አይረዳም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ፖዶላ የተባለ ተከሳሽ ድርጊቱን ረስቻለሁ አለ። ከሕዝብ የተመረጡት ፍርድ ሰጪዎች አላመኑትም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ መርሳቱ እውነት ቢሆን እንኳ ያ ብቻውን ለፍርድ ከመቆም አያድንም አለ።

የራሴን ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ እንደ ወንድምሽ በእውነት የታመመ። አክስቱ «እብድ ምሰል» ብላ መክራዋለች። ሐኪሙ ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው ሲለው «አምስት» አለ። ላም ስንት እግር አላት ሲለው «ሦስት»። ለመልሱ ቅርብ ናቸው፣ ግን አንድም ጊዜ ልክ አይሆኑም፤ ሐኪሞቹ በጥርጣሬ የሚያዩት እንዲህ ያለውን ነው። ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ማስመሰሉ አተተ። አንዲት መስመር ላይ ብቻ፣ እግረ መንገዱን፣ «ጠበቃው ለፖሊስ እንደሚሠራ የሚነግረው ድምፅ ይሰማል» ይላል። ጠበቃው እኔ ነኝ! ያ ድምፅ እውነት ነበር፤ ልጁ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ወረቀት ሊፈርምልኝ ፈርቶ ነበር። ብቻውን ቢቀርብ ጉዳያችንን የሚያስለውጥ ምልክት በላም እግር ሥር ተቀበረ። የታመመ ሰውም ሊያስመስል ይችላል። ግን አንዴ አስመስሏል ከተባለ እውነተኛውን የሚያምንለት አይገኝም። ሁለተኛ ምርመራ እስክናገኝ ወራት ሄደ፣ ልጁ በእስር ላይ ሆኖ።

«አይችልም» ቢባል ደግሞ ወደ ቤት ይመጣል ብለሽ እያሰብሽ ከሆነ ተረጋጊ። በብዙ አገር ክሱ ይቆማል፣ ሰውየው ወደ ሕክምና ይላካል፣ ሲሻለው ክሱ ይቀጥላል። አሜሪካ ውስጥ ጃክሰን የሚባል መስማት የተሳነው ሰው በሁለት ዘረፋ ተከሶ ነበር፤ የሁለቱ ድምር ዘጠኝ ዶላር ነው። ለፍርድ መቆም አይችልም ተብሎ ገደብ በሌለው ጊዜ ተቋም ገባ፣ የሚሻለውም አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 በዚህ ምክንያት ብቻ ሰውን ያለ ገደብ መያዝ አይቻልም ብሎ ወሰነ። ይህ ገደብ በእናንተ ሕግ እንዴት እንደተቀመጠ ጠበቃውን ጠይቂ፣ «አይችልም» ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት።

ታዲያ ሪፖርቱ የሚነካ ነገር የለውም ወይ? አለው፣ ግን አንቺ ያሰብሽው አይደለም። «ሁለት ጊዜ ብቻ አየው» አያስኬድም፤ 14 ቀን የነርስ መዝገብ ከጎኑ አለ። እኔ ብሆን በሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። አንደኛ፣ ሐኪሙ ዳኛ ምን ይሠራል ብሎ ጠይቋል፤ ወንድምሽ ከጠበቃው ጋር ተቀምጦ መመካከር ይችል እንደሆነ ግን አልፈተነም፣ ጠበቃውንም አላነጋገረም። እኔ ባየኋቸው ገጾች ቢያንስ የለም፤ 5ኛው ላይ ካለ ይህን ክርክር እርሺው። «ዳኛ ይወስናል» ማለት የትምህርት ቤት መልስ ነው። «ጥፋቴን ባምን ምን ይሻለኛል» ብሎ ግራ ቀኝ ማመዛዘን ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው። 2ኛው ገጽ ላይ ምርመራው የተደረገው በየወሩ የሚሰጠው መርፌ ሳይቋረጥ እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ አራት ወር አልፏል። አሁን ባለበት ቦታ መርፌው ይሰጠዋል? ካልተሰጠው ያ አስተያየት የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ጠበቃው አዲስ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። የመርፌውን ካርድ ወይም የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ። በቃል «አይሰጡትም» ማለት አይበቃም። እንዳይሰጠው ደግሞ እንዳትጥሪ፣ አደራ! በእሱ ጤና ላይ ቁማር ነው፣ መዝገቡም ያጋልጣችኋል።

ጠበቃው ከወንድምሽ ጋር በተገናኘ ቁጥር ማስታወሻ ይያዝ፦ ስንት ደቂቃ ተቀመጡ፣ ባለፈው የተነጋገሩትን አስታወሰ ወይ፣ ምክሩን በራሱ ቃል መልሶ መናገር ቻለ ወይ። ምስጢራቸውን ሳይገልጥ ይህን ብቻ ለሁለተኛው ሐኪም መስጠት ይቻል እንደሆነ እሱ ይወስናል። ወንድምሽ ደግሞ ለፍርድ ቤት ሐኪም የሚናገረው እንደ መደበኛ ታማሚ ምስጢር አለመሆኑን ይወቅ፤ ሐኪሙ ይህን መጀመሪያ ላይ ሊነግረው ይገባል፣ መንገሩም ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል። የእናንተው 1ኛ ገጽ ላይ አለ፣ 3ኛው አንቀጽ።

እስከዚያ ማንም ወንድምሽን ምን እንደሚል አይምከረው፣ አንቺም ብትሆኚ። ሪፖርቱን ሌላ ቦታ አትለጥፊው፣ ለዘመድም አትላኪው። እኔ ሙሉ መዝገቡን አላየሁም፤ ያልኩሽን ሁሉ ይዘሽ የወንድምሽ ጠበቃ ጋ ሂጂ። ሰባቱንም ገጾች ይዘሽ፣ 5ኛውን ከላይ አድርገሽ።