ሌንስ ስንመርጥ ምንድን ነው የምንመርጠው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለግሩፑ። ሲኒማቶግራፈር ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ካሜራ ከሚይዘው ሰው በምን ይለያል? ሌንስ ሲቀየር የትዕይንቱ ስሜት ይቀየራል ሲባልም እሰማለሁ፤ እንዴት ነው?»

ሰላም እህቴ። ትልልቅ ፊልሞች ላይ ካሜራውን የሚይዘው ኦፕሬተር ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ፎከስ የሚጠብቅ ረዳት አለ፤ የመብራት ቡድኑን የሚመራ ጋፈርም አለ። ሲኒማቶግራፈሩ እነዚህን ሁሉ ይመራል። ስክሪፕቱን አንብቦ ከዳይሬክተሩ ጋር ምስሉ ምን መምሰል እንዳለበት ይነጋገራል። ከዚያ ብርሃኑን፣ የካሜራውን ቦታና ሌንሱን ይወስናል። አነስተኛ ፕሮዳክሽን ላይ ደግሞ አንድ ሰው ሁሉንም ደርቦ ይሠራል። ብርሃን ራሱን የቻለ ሰፊ ወሬ ስለሆነ እዚህ ሌንሱ ላይ ብቻ ልቆይ።

ብዙ ሰው ሌንስ ማቅረቢያና ማራቂያ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ሌንስ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው ተመልካቹ ከዚህ ሰው ምን ያህል ርቆ ይቀመጥ የሚለውን ነው። መልሱ ካሜራዬ የት እንደሚቆም ይነግረኛል። ሌንሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ሆኜ ምን ያህሉን ፍሬም ውስጥ እንደማስገባ ነው።

አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ልጅ እናቷ ፊት ተቀምጣ «ከቤት ልወጣ ነው» ትላለች። ከእናትየው ጀርባ 3 ሜትር ርቆ መስኮት አለ። የእናትየውን ክሎዝ አፕ በ25 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ማለትም ሰፋ አድርጎ በሚያሳየው፣ ከ70 ሳንቲሜትር ላይ ልንቀርጸው እንችላለን። ወይም ጠበብ አድርጎ በሚያሳየው ረጅሙ ሌንስ፣ በ75 ሚሊሜትር፣ ከ2.1 ሜትር ላይ። ፊቷ በሁለቱም ሾት እኩል መጠን አለው። መስኮቱ ግን በ75ቱ ከእጥፍ በላይ ገዝፎ ይታያል። ሴትየዋ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈባት ይመስላል፤ እኛም ከሩቅ ሆነን የምናያት ብቸኛ ሰው ትሆናለች። በ25ቱ መስኮቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ክፍሉ ይሰፋል፣ እኛም ጠረጴዛው ላይ አብረናት ቁጭ እንላለን።

እንቅስቃሴ ሲጨመር ልዩነቱ ይብሳል። እናትየው ተቆጥታ 20 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ብታዘነብል፣ በ25ቱ ፊቷ በ40 በመቶ ያድጋል። ቁጣው እላያችን ላይ ይመጣል። በ75ቱ የሚያድገው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አተዋወኗ ሳይቀየር ያው ቁጣ የታፈነ ይመስላል። ይህ ለእኔ ከሌንስ ሥራ ሁሉ በጣም ደስ የሚለኝ ክፍል ነው።

እኔ ብሆን እናትየውን ወሬውን እስክትሰማ ድረስ በ75 እይዛታለሁ። ከሰማች በኋላ ካሜራውን አስጠግቼ 25ቱን እገጥማለሁ፤ ድንጋጤዋን ከቅርብ እንድንካፈላት። ልጅቷን ግን እስከ መጨረሻው 75 ላይ እተዋታለሁ። ወስናለችና ማንም አይደርስባትም።

ቅርብ መቆም ዋጋ አለው። በ70 ሳንቲሜትር ላይ ካሜራው የልጅቷን ወንበር ይወስዳል። ስለዚህ ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይት ጭንቅላቷን ከሌንሱ አጠገብ አስጠግታ መናገር አለባት፤ አለበለዚያ የእናትየው ዓይን የተሳሳተ ቦታ ያያል። ከዚያም በላይ ከተጠጋሽ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሐዘኑ ሳታስቢው ወደ ቀልድ ይሄዳል።

ሌላው የማየው ችግር ያለምክንያት ማደባለቅ ነው። አንዷን በ25፣ ሌላዋን በ75 ቀርጸሽ ስታቀያይሪ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ አይመስሉም። ድምፁን አጥፍተሽ ኤዲቱን እዪው። ፊቶቹ እኩል ሆነው ጀርባቸው በየቁርጡ ከዘለለ ችግሩ እሱ ነው። ከላይ እንዳልኩት ልጅቷን ለማራቅ አስበሽበት ከሆነ ግን ተዪው።

ጀርባው እንዲደበዝዝልኝ ብለሽም ብቻ ረጅም ሌንስ አትምረጪ። የፊቱ መጠንና ስቶፑ፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ስፋት፣ ለምሳሌ ኤፍ 2.8፣ አንድ ከሆኑ ፎከስ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት በሁለቱም ሌንስ ተቀራራቢ ነው። በረጅሙ ሌንስ ጀርባው ስለሚገዝፍ ብዥታውም አብሮ ይገዝፋል፤ ዓይን የሚያየው ያንን ነው። ፊቱ ላይ ያለውን የፎከስ ጥልቀት ለመቀነስ ስቶፑን ክፈቺው፤ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 2.8 ስትሄጂ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ስለሚሆን መብራቱን ቀንሺ።

ይህን ሁሉ በስልክሽ ማየት ትችያለሽ። አንድ ሰው አስቀምጪና በዋናው ካሜራ ፊቱን ከቅርብ ቅረጪ። ከዚያ ርቀቱን ሦስት እጥፍ አድርጊና 3x ዙም ተጠቅመሽ ፊቱን እኩል አድርጊው። ስልኩ ሁለተኛ ሌንስ ባይኖረውም ጥራቱ ይወርድ ይሆናል እንጂ የጀርባውና የፊቱ ግንኙነት ያው ነው፤ የቆምሽበት ቦታ ነው የሚወስነው። ሰውየው ወደ ፊት እንዲያዘነብል ጠይቂውና ሁለቱን ቪዲዮ አከታትለሽ እዪያቸው። ካየሽ በኋላ ቪዲዮዎቹን እዚሁ ለጥፊያቸው፤ የትኛው ለየትኛው ስሜት እንደሚሻል አብረን እናያለን።